የልብ ሕመም ታሪክን በሁለት ቋንቋ፣ በሁለት ገጽ ስለማዘጋጀት

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። እናቴ የልብ ቫልቭ መጥበብ አለባት፤ ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ለሕክምና ወደ ሕንድ፣ ቼናይ ልንሄድ ነው። ወረቀቷ አንድ ፌስታል ሙሉ ነው፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ የማይነበብ እንግሊዝኛ፣ ቀኑም የተደበላለቀ ነው። ሁሉንም ላስተርጉም ወይስ ማጠቃለያ ይበቃል? ስሟን ሸፍኜ ፎቶዎቹን ልኬልዎታለሁ።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ሁሉንም አታስተርጉም። ሐኪሞቹ ካርዱ ላይ የጻፉት፣ የኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ውጤቱና የላቦራቶሪ ወረቀቶቹ ድሮውንም በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ኮፒያቸው እንዳለ ይሄዳል። በአማርኛ ያለው ጥቂት ነው፦ የመድኃኒት ቤት ከረጢት ላይ የተጻፈው አወሳሰድ፣ የጤና ጣቢያው የመርፌ ቀጠሮ ካርድ፣ እና እናትህ በቃላቸው የሚያውቁት ታሪክ። ይህ የመጨረሻው የትም አልተጻፈም፤ ለሐኪሙ ግን ከብዙው ወረቀት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ስለዚህ የምታዘጋጀው ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ነው። በግራ በኩል አማርኛ፣ በቀኝ በኩል እንግሊዝኛ ይሁን፤ እያንዳንዱ መስመር በሁለቱም ዓምድ አንድ ዓይነት ቁጥር ይኑረው። ቁጥሩን አትዝለለው። ቼናይ ያለው ሐኪም በእንግሊዝኛው ተራ ቁጥር 6 ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ፣ እናትህ በአማርኛው ተራ ቁጥር 6 ላይ ያለውን አንብበው «አዎ፣ ይኼን አሁንም እወስዳለሁ» ወይም «ይኼንንስ አቁሜያለሁ» ማለት ይችላሉ። አንተ በሌለህበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምርመራ ክፍል ውጭ ስትጠብቅ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከመጻፍህ በፊት ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድርና በእያንዳንዱ ጥግ ላይ በእርሳስ ቁጥር ስጥ። ማጠቃለያው ላይ የምታሰፍረው እያንዳንዱ ነገር መጨረሻ ላይ የወጣበት ወረቀት ቁጥር ይጻፍበት። ከወረቀት ያልወጣ ከሆነ ደግሞ «ታካሚዋ እንደተናገሩት» በለው። የልብ ምት ማንሻውን፣ የኢሲጂውን ወረቀት ግን ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አድርግ። የታተመው በሙቀት በሚጽፍ ወረቀት ላይ ነውና ፀሐይና ሙቀት ያደበዝዙታል፤ ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ መስመሩ ከወዲሁ እየጠፋ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ፤ እናትህን የሚጎዳው ስሕተት ሊገባ የሚችለው እዚህ ነው። ቁጥር 3 ብለህ በላክኸው የካርድ ገጽ ላይ ሕመሙ መጀመሪያ በኢኮ የታወቀበት ቀን «05/09/11» ተብሎ በእጅ ተጽፏል። እኛ ግንቦት 5 ቀን 2011 ብለን እናነበዋለን። ቼናይ ያለው ሐኪም ግን ሴፕቴምበር 5 ቀን 2011 ብሎ ነው የሚያነበው። ትክክለኛው ሜይ 13 ቀን 2019 ነው፤ የዚያው ቀን የኢኮ ማሽን ወረቀትም «13/05/2019» ይላል፣ ስለዚህ ማረጋገጫው እጅህ ላይ አለ። ያን ጊዜ የቫልቩ ቀዳዳ ስፋት 1.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር። ሚያዝያ 14 ቀን 2017፣ ማለትም ኤፕሪል 22 ቀን 2025 የተነሡት ኢኮ ደግሞ 0.9 ይላል። ይህ መጥበብ በስድስት ዓመት የመጣ ነው። የካርዱ ቀን እንዳለ ከተገለበጠ ግን በአሥራ አራት ዓመት የመጣ ይመስላል። ለሐኪሙ የእነዚህ የሁለቱ ትርጉም አንድ አይደለም፤ ሕመሙ በምን ፍጥነት እንደሄደ ማወቅ ይፈልጋልና።

እኛ ዘንድ በእጅ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ በማሽን የሚታተመው ደግሞ በፈረንጅ። አንድ ቀን የተደረገ አንድ ምርመራ ሁለት ቀን ኖሮት ሁለት ምርመራ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ዓምድ ወሩን በቁጥር አትጻፍ፣ በስሙ ጻፈው፤ ዓመቱንም በአራት አኃዝ። በአማርኛው ዓምድ ደግሞ የእኛን ቀን ከጎኑ «ዓ.ም.» ብለህ ጻፍ፤ እናትህ የሚያስታውሱት በእሱ ነውና።

ለመቀየር የስልክ መቀየሪያ መጠቀም ትችላለህ፤ ግን መጀመሪያ በጥምቀት ፈትነው። ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ካላለህ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ደግሞ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ካላለህ አትመነው። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ድረስ፣ አንድ ቀን ይዛነፋል። በእጃቸው የሚያሰሉ ሰዎች የሚስቱት ይህችን ነው። እናትህ ሆስፒታል የተኙት ጥር 12 ቀን 2016 ነው፤ ይህ ጃንዋሪ 21 እንጂ 20 አይደለም። የአንድ ቀን ልዩነት እዚህ ላይ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ግን የመውጫ ወረቀቱ ላይ በፈረንጅ ከተጻፈው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ሐኪሙ ሌላውንም ቀን መጠራጠር ይጀምራል።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «ማታ 2 ሰዓት» ብለው የሚወስዱት ክኒን በእንግሊዝኛው ዓምድ 20:00 ተብሎ ይጻፍ። «ጠዋት 1 ሰዓት» 07:00 ነው። በሃያ አራት ሰዓት አጻጻፍ ከጻፍከው የሚያሻማ ነገር አይኖርም።

ዋናው የደም ማቅጠኛቸው፣ የዋርፋሪኑ መስመር ነው። ከላክኸው ፎቶ እንዳየሁት በዚህ መድኃኒት ላይ ሦስት ወረቀት ሦስት የተለያየ ነገር ይናገራል። የ2016ቱ የመውጫ ወረቀት «5 ሚሊ ግራም በየቀኑ» ይላል። የመድኃኒት ቤቱ ከረጢት ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ «ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ 1፤ ሌላ ቀን ግማሽ፣ ማታ» ተጽፏል። የቅርቡ ማዘዣ ላይ ያለው 30 ፍሬ ነው። እስቲ እናስላው። እንደ ከረጢቱ ከሆነ በሳምንት ሦስት ሙሉና አራት ግማሽ፣ በድምሩ አምስት ክኒን ነው፤ ክኒኑ ባለ 5 ሚሊ ግራም ስለሆነ በሳምንት 25 ሚሊ ግራም ይሆናል። እንደ መውጫ ወረቀቱ ከሆነ ግን በሳምንት 35 ነው። በከረጢቱ አወሳሰድ ለአራት ሳምንት የሚበቃው 20 ፍሬ ነው፤ 30 ፍሬ የታዘዘው ግን በየቀኑ አንድ ሙሉ ይወሰዳል በሚል ስሌት ይመስላል።

ከሦስቱ ውስጥ ትክክል የመሰለህን መርጠህ እንዳትጽፍ። መጀመሪያ እናትህን ጠይቅ፤ ግን «ስንት ነው የምትወስጂው?» ብለህ አይደለም። ክኒኖቹንና የሚገምሱበትን ምላጭ አምጥተው የትናንቱን፣ የዛሬውንና የነገውን በፊትህ እንዲያስቀምጡ አድርግ። ሰው የሚናገረውና እጁ የሚሠራው ሊለያይ ይችላል። ከዚያ ከረጢቱንም ማዘዣውንም ይዘህ ወደ ክትትል ሐኪማቸው ሂድ። ሐኪሙ የሚያጸናውን መጠን ትጽፋለህ፤ መጠኑን በራስህ ማስተካከል ግን የለብህም። ሐኪሙ የከረጢቱን አወሳሰድ ካጸና መስመሩ እንዲህ ይሁን፦

«6. ዋርፋሪን፣ ባለ 5 ሚሊ ግራም ክኒን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አንድ ሙሉ፤ በቀሪዎቹ አራት ቀናት ግማሽ። ማታ 2 ሰዓት። በሳምንት ድምር 25 ሚሊ ግራም። የተጀመረው፦ ጥር 2016 ዓ.ም.። የመጨረሻው የተወሰደው፦ ____።»

የሳምንቱን ድምር ያስገባሁበት ምክንያት አለኝ። «ግማሽ» የምትለው ቃል የክኒኑ ጉልበት ካልተጻፈ ምንም አትነግርም፤ ሌላ አገር የሚሸጠው ክኒን ሌላ ጉልበት ሊኖረው ይችላል። የሳምንቱ ድምር ግን በየትኛውም ክኒን ይሰላል፤ ሐኪሙም ከቀኑ አወሳሰድ ጋር አስተያይቶ ስሕተት ካለ ወዲያው ያየዋል። የመጨረሻው ባዶ ቦታ ደግሞ በጉዞው ዋዜማ በእጅ የሚሞላ ነው። የቫልቩ ሕክምና ቀን ሲቀጠርላቸው ዋርፋሪኑ መቼ እንደሚቆምና በምን እንደሚተካ የሚወስነው እዚያ ያለው ሐኪም ነው፤ እሱም መጀመሪያ የሚጠይቀው መጨረሻ የተወሰደበትን ቀን ነው።

ከሥሩ የአይ.ኤን.አር. ውጤቶቹን፣ ማለትም ደማቸው ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳዩትን የምርመራ ቁጥሮች፣ በሠንጠረዥ አስቀምጥ፦ ቀን፣ ውጤት፣ በዚያን ጊዜ ይወስዱ የነበረው የሳምንት መጠን። የቅርብ ስድስት ወር ይበቃል። እንደ እናትህ የማይትራል ቫልቭ መጥበብና የልብ ምት መዛባት ያለባቸው ታካሚዎች የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ነው። የእሳቸው አብዛኛው በዚያ ውስጥ ነው፤ መጋቢት 10 ቀን 2017 ግን 1.7 ወርዷል። ፎቶው ጀርባ ላይ «ለምን እንደወረደ አላወቅንም» ብለሃል። ያን ጊዜ ዐቢይ ጾም ነበር። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል፤ በጾም የሚበላው ጎመን ደግሞ እንደሚበዛ ሁላችንም እናውቃለን። የወረደው በዚህ ምክንያት ነው ብለህ ግን አትጻፍ፤ አንድ ሁለት ማታ ተረስቶም ሊሆን ይችላል። እናትህን ጠይቃቸውና የነገሩህን ብቻ ጻፍ፦ «በዚያ ወር ጾመኛ ነበሩ፤ ጎመን በየቀኑ ይበሉ ነበር፤ ያለፋቸው ክኒን እንደሌለ ተናግረዋል» ዓይነት። ድምዳሜውን ለሐኪሙ ተውለት። ቼናይ ሄደው ምግባቸው ሲለወጥ አይ.ኤን.አር.ም ሊለወጥ ስለሚችል ይህ መስመር ይፈለጋል።

ሌሎቹ መድኃኒቶች ቀላል ናቸው። ፉሮሴማይድና ሜቶፕሮሎል በዋና ስማቸው ይጻፉ፤ በፋብሪካ ስም አይሁን። መጠኑ፣ ሰዓቱና የሚወሰድበት ምክንያት ይግባ። ከረጢቶቹ መካከል ግን ዲክሎፌናክ አይቻለሁ። ለጉልበታቸው ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ይመስለኛል፤ አንተም «የልብ መድኃኒት አይደለም» ብለህ ለብቻው አስቀምጠኸዋል። እሱን በዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ ደም የመፍሰስ አደጋን ስለሚጨምር ቼናይን አትጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት ለሐኪማቸው ንገር። ጤናዳም፣ ጥቁር አዝሙድ ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት የሚጠጡ ከሆነም በስሙ ይጻፍ፤ እንግሊዝኛ ስሙን ካላወቅህ የአማርኛውን ድምፅ ጻፍና ቅጠል ወይም ፍሬ መሆኑን፣ ተፈልቶ ወይም ተፈጭቶ መወሰዱን ግለጽ።

አለርጂ የሚለው መስመር ላይ ሰው ሁሉ ፈጥኖ «የለም» ይጽፋል። ከእናትህ ወረቀት ውስጥ አለርጂ እንደሌለባቸው የሚናገር አንድም ገጽ አላገኘሁም። አልተጠየቁም ማለት ሊሆን ይችላል፤ አልተጠየቁም ማለት ደግሞ የለም ማለት አይደለም። ነገር ግን ከዚህ የተሻለ እውነት በእጅህ አለ፤ የጤና ጣቢያው የመርፌ ካርድ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ በየአራት ሳምንቱ ሲወጉ እንደቆዩ ያሳያል። እናትህ አንድም ጊዜ ማሳከክ፣ ሽፍታ ወይም ትንፋሽ ማጠር እንዳልገጠማቸው ካረጋገጡ «ፔኒሲሊን በየአራት ሳምንቱ ይወስዳሉ፤ እስከ ዛሬ ችግር አልታየም (ታካሚዋ እንደተናገሩት)፤ ስለ ሌሎች መድኃኒቶች በወረቀት የሰፈረ የለም» ብለህ ጻፍ። ካርዱ ላይ ከሐምሌ 2014 እስከ ጥቅምት 2015 ድረስ ፊርማ የሌለባቸው ሣጥኖችም አሉ። እነሱንም አትሸፍናቸው፤ «በእነዚህ ወራት የተመዘገበ መርፌ የለም» በል። የተቋረጠ ክትትል ሐኪም ፊት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ መርፌው የሚከላከለው የቁርጥማት ትኩሳት ተመልሶ ቫልቩን ጎድቶ ይሆን የሚለውን እንዲመረምር ይረዳዋል።

ምሕጻረ ቃላትን ዘርዝረህ ጻፍ። በእኛ ካርዶች ላይ የሚዘወተረው «ሲ.አር.ቪ.ኤች.ዲ.» ሌላ አገር ላይታወቅ ይችላል፤ ከቁርጥማት ትኩሳት የመጣ ሥር የሰደደ የልብ ቫልቭ ሕመም ማለት መሆኑን በሙሉው ቃል አስፍር። «ኤም.ኤስ.» የሚለውም እዚህ የማይትራል ቫልቭ መጥበብ ነው፣ ሌላ ቦታ ግን የነርቭ በሽታ ስም ነው። ያልገባህን ምሕጻረ ቃል በግምት አትፍታው፤ ክትትል ክፍሉን ጠይቅ። የላቦራቶሪ ቁጥሮችንም አትቀይር፦ ውጤቱን፣ መለኪያውንና ወረቀቱ ላይ ያለውን ጤናማ ወሰን እንዳለ ገልብጥ። የኩላሊት ክሬአቲኒን 0.9 በአንዱ መለኪያ፣ 80 በሌላው አንድ ነገር ናቸው፤ መለኪያው ከተጣለ ግን የማይገናኙ ቁጥሮች ይሆናሉ።

በወረቀት የሌለውን ታሪክ ለማውጣት አንድ ምሽት ከእናትህ ጋር ቁጭ በል። ከሁሉ በፊት ስለ ወሊድ ጠይቅ፤ ካስቸገረህ እኅትህ ትጠይቅልህ። የማይትራል ቫልቭ መጥበብ በብዙ እናቶች ላይ መጀመሪያ የሚገለጠው በእርግዝና ነው፤ ያን ጊዜ በሰውነት ውስጥ ያለው ደም ይበዛል፣ ልብም ይፈጥናል፣ የጠበበው ቫልቭ ያንን ማሳለፍ ያቅተዋል። «የመጨረሻ ልጄን ሳረግዝ ተጋድሜ መተኛት አቅቶኝ ነበር» ካሉህ፣ ሕመሙ ኢኮው ካሳየው ቀድሞ ምልክት ነበረው ማለት ነው፤ የልጁን የልደት ዓመት ይዘህ ጻፈው። በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመምና የመገጣጠሚያ እብጠት ይመላለስባቸው እንደነበረ፣ አሁን ደግሞ ስንት ርቀት ሲሄዱ እንደሚደክማቸው ጠይቅ። «ትንሽ ይደክማታል» ብለህ አትጻፍ። ሲያመልኩ ቆመው መቆየት ይችላሉ ወይ? ከመናኸሪያ እስከ ቤት ስንት ጊዜ ያርፋሉ? ሌሊት በስንት ትራስ ይተኛሉ? በእነዚህ ቃላት የተጻፈውን የትኛውም አገር ያለ የልብ ሐኪም ደረጃ ሊሰጠው ይችላል።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ስማቸው ልክ በፓስፖርቱ እንዳለ፣ በዚያው ፊደል አጻጻፍና ቅደም ተከተል ይሁን። ወረቀቶቹ ላይ ስማቸው በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት ተጽፏል፤ ከሥር «በቀድሞ ወረቀቶች እንዲህም ተጽፏል» ብለህ ሁሉንም ዘርዝርና የካርድ ቁጥራቸውን ጨምር። ዕድሜ በየካርዱ ስለሚለያይ የፓስፖርቱን የልደት ቀን ብቻ ተጠቀም። ለሕንድ የሕክምና ቪዛ ከሚቀበላቸው ሆስፒታል የሚመጣው ደብዳቤም በዚሁ ስም መጻፉን አሁኑኑ አይተህ አረጋግጥ።

ሲያልቅ የተርጓሚ ድርጅት ማኅተም ከመፈለግህ በፊት ሌላ ነገር አድርግ። እንግሊዝኛ ደህና የሚያውቅ፣ ማጠቃለያውን ያልጻፈ አንድ ሰው የእንግሊዝኛውን ዓምድ ብቻ ይዞ ለእናትህ በአማርኛ ይንገራቸው፤ አንተ ዝም ብለህ በአማርኛው ዓምድ ተከታተል። የተዛባው መስመር ወዲያው ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚታወቀው እናትህ «ኧረ እንዲህ አላልኩም!» ሲሉ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ክትትል ሐኪማቸው ውሰደው። እሱ አንብቦ፣ ያረመውን አርሞ በሁለቱም ገጽ ላይ ይፈርም፤ የሆስፒታሉ ማኅተምም ይረፍበት። ኤምባሲ ወይም ባንክ ማኅተም ያለው ትርጉም ከጠየቀህ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚጠይቁህን ያንን ወረቀት ብቻ ታስተረጉማለህ።

ኢኮውን በወረቀት ብቻ አትያዝ። ያነሣውን ተቋም ተንቀሳቃሽ ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ እንዲሰጥህ ጠይቅ። ቼናይ እንደገና ማንሣታቸው አይቀርም፤ ቫልቩ በፊኛ ይከፈት ወይስ ይቀየር የሚለውን በራሳቸው ምስል ነው የሚወስኑት። ያንተ ምስል የሚጠቅመው ለማነጻጸር ነው። ማጠቃለያውን በሦስት ኮፒ አዘጋጅ፦ አንዱ በእናትህ የእጅ ቦርሳ ከመድኃኒቶቹ ጋር፣ አንዱ አንተ ዘንድ፣ አንዱ በስልክህ በፎቶ። መድኃኒቶቹ በዋና ማሸጊያቸው ይሁኑ፣ ወደ ጭነት ሻንጣም አይግቡ። የአይ.ኤን.አር. ምርመራውን ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት አሠራና በሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ በእጅህ ጨምር፤ የሐኪሙን ፊርማ የምታስፈርመው ያ ውጤት ከገባ በኋላ ነው።